ሚኒራል ነው ኬሚካል? መጀመሪያ ቱቧን መቼ እንደገዛችኋት ንገሩኝ

ሰሞኑን ቲክቶክ የከፈተ ሰው ሁለት ጎራ ያጋጥመዋል። አንደኛው "ኬሚካል ሰንስክሪን ደም ውስጥ የሚገባ መርዝ ነው፤ ሚኒራል ብቻ ተቀቡ" ይላል። ሌላው "ሚኒራል ለፈረንጅ የተሠራ ነው፤ የእኛን ፊት አመድ ያስመስላል" ብሎ ይመልሳል። ከሁለቱም ጀርባ የሚሸጥ ቱቦ አለ። እኔ ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፦ ቤታችሁ ያለችውን ቱቦ መቼ ገዛችኋት?

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ታናሽ እህቴ ጉንጯ ላይ ማድያት ወጣባትና 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ፣ ኤስፒኤፍ 50 የሚል የተጻፈባት ሚኒራል ክሬም ገዛች። ከአምስት ወር በኋላ ማድያቱ ብሶ "ይሄ ነገር አይሠራም፤ ወደ ኬሚካሉ ልቀይር" አለችኝ። ቱቧን አንስቼ ጨመቅኳት። አሁንም ክሬም ይወጣታል።

እስቲ አብረን እናስላ። ፋብሪካው "ኤስፒኤፍ 50" ብሎ የሚጽፈው በቤተ ሙከራ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ በተገኘ ውጤት ነው። የአዋቂ ሰው ፊትና አንገት በግርድፉ 600 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ለአንድ ጊዜ 1.2 ግራም ያስፈልጋል ማለት ነው። ሚዛን አያስፈልጋችሁም፤ ከሌባ ጣትና ከመሀል ጣት ሥር ጀምራችሁ እስከ ጫፍ ድረስ ሁለት መስመር ክሬም ብታወጡ ወደዚያ ይጠጋል። እህቴ 50ውን ሚሊ ሊትር ለ150 ቀን አብቃቅታዋለች። በቀን አንድ ሦስተኛ ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ከሚያስፈልጋት ሩብ የሚሆነውን፣ ያውም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስትቀባ ከርማለች ማለት ነው።

ሩብ ስትቀቡ የ50 ጥበቃ አታገኙም። ክሬሙ ሲሳሳ ጥበቃውም አብሮ ይወርዳል። ቱቦው ላይ 50 ተጽፎ ፊታችሁ ላይ ያለው አሥር እንኳ የማይሞላ ሊሆን ይችላል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ጥፋቱ የሚኒራሉም የኬሚካሉም አልነበረም።

"ታዲያ ክርክሩ ከንቱ ነው?" ለምትሉኝ፣ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግን የሚከራከሩት ስለተሳሳተው ነገር ነው። ሚኒራል የሚባሉት ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በፋብሪካ የሚዘጋጁ ኬሚካሎች ናቸው። "ሚኒራል ጨረሩን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ ኬሚካል ግን ይውጠዋል" የሚባለውም ልክ አይደለም። ሚኒራሉም አብዛኛውን አልትራቫዮሌት የሚከላከለው ውጦ ነው።

ስለ ደሙ የሚወራው ግን መነሻ አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች በ2019 እና በ2020 ባወጡት ጥናት ኦክሲቤንዞንን ጨምሮ በርካታ የኬሚካል ማጣሪያዎች በቆዳ አልፈው ደም ውስጥ ተገኝተዋል። መሥሪያ ቤቱ ግን ያለው "መርዝ ነው" ሳይሆን "ደም ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ጉዳት ያደርሳል ማለት አይደለም፤ አምራቾች ተጨማሪ መረጃ ያምጡ፤ ሕዝቡ መቀባቱን ይቀጥል" ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ቆርጦ የሚያሰራጭ ሰው ወይ አላነበበም፣ ወይ የሚሸጠው ነገር አለ። ኬሚካሉ ዓይኑን የሚያቃጥለው ወይም ቆዳው የሚቆጣ ሰው ሚኒራሉን ቢይዝ ትክክል ነው። ለቀረው ሰው የተሻለው፣ ሳይሳሳለት በበቂ መጠን የሚቀባው ነው።

እህቴ ለምን ሳሳች? ነጭ ስለሚያደርጋት ነዋ! ዱቄት የተነፋባት መስላ ቢሮ ላለመግባት በነጥብ በነጥብ አድርጋ ትቀባ ነበር። እዚህ ላይ የሁለተኛው ጎራ ቅሬታ እውነት አለው፤ መፍትሔው ግን ሚኒራልን መተው ብቻ አይደለም። ማድያትን የሚያብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የምናየው ብርሃን ጭምር ነው፤ ይህም በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ይበረታል። ይህን ብርሃን ቀለም የሌለው ክሬም፣ ሚኒራልም ይሁን ኬሚካል፣ በደንብ አያቆመውም። የሚያቆመው አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለሙ ነው። ነጩንም ያጠፋዋል። ማድያት ያለበት ሰው ቱቦውን ገልብጦ የሚፈልገው ቃል "ሚኒራል" ሳይሆን "አይረን ኦክሳይድ" ነው።

አሁን ወደ ሥራ ቀን እንምጣ። "በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ" የሚለው ምክር ቢሮ የሚውለውን ሰው አሰልችቶ ጨርሶ አስትቶታል። ምክሩ ውጭ ለሚውል ሰው ነው። ከመስኮት ርቆ ለተቀመጠ ባንክ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት ከመውጣቱ ሩብ ሰዓት በፊት፣ ከዚያ ደግሞ ለምሳ ከመውጣቱ በፊት። የምሳ ሰዓቷ ፀሐይ ናት ዋናዋ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ጨረሩም የቀዘቀዘ ይመስለናል እንጂ አይደለም። መስኮት ዳር የሚቀመጥ ወይም ታክሲ የሚነዳ ሰውም ይጠንቀቅ፤ ተራ መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ቢያስቀርም የሚያጠቁረውን ዩቪኤ ብዙውን ያሳልፋል።

ሜካፕ ያለባትስ? ላብና ወዙን በሶፍት ጫን ጫን እያደረገች ታንሳ፤ ከዚያ ክሬሙን በሁለት ዙር ከፍላ፣ ሳታሽ፣ በጣቷ እየተጫነች ታስቀምጠው። በዱቄትና በስፕሬይ ብቻ በቂ መጠን ፊት ላይ ማስቀመጥ ከባድ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን 50 ሚሊ ሊትር ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ቀኑን ሙሉ ውጭ ቆሞ አራት ጊዜ ለሚቀባ አሥር ቀን። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ሻጮቹ ጮክ ብለው የማይነግሩንም ይህንኑ ነው፤ ውዷን ቱቦ "ለወራት ትበቃሻለች" ካላሏት ማን ይገዛታል? ስለዚህ ሳስታችሁ የምታብቃቁትን ውድ ትታችሁ፣ ሁለቱንም መስመር ጣት ሳትሳሱ የምታወጡለትን ርካሽ ግዙ። ቀን ያላለፈበትና ዩቪኤንም እንደሚከላከል የተጻፈበት ይሁን እንጂ።

በመጨረሻ አንድ ሐቅ። ለአብዛኞቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያሳስበው ማድያትና ጥቁረት ነው። ሜላኒናችን ከፀሐይ ከሚመጣው የቆዳ ካንሰር በብዙ ይጠብቀናል። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ግን ያው ቱቦ በካንሰርና በጤና መካከል የቆመ ነው፤ እነሱ ደግሞ በአሥር ቀን አንድ ቱቦ ግዙ ቢባሉ አብዛኞቹ አይችሉም። ስለ ሰንስክሪን መጮህ የሚወድ ሁሉ ጩኸቱን ወደዚያ ያዙረው፤ መድኃኒት እንጂ የቅንጦት ዕቃ አይደለምና በነጻ ወይም በቅናሽ ይድረሳቸው ይበል። እስከዚያው ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስና እናቶቻችን ከጥንት የያዙት ጃንጥላ አሉ፤ እነዚህ በየሁለት ሰዓቱ አይታደሱም።

እህቴ አሁን ባለቀለሙን ትቀባለች። ማድያቱ ገና አልጠፋም፤ በወራት እንጂ በሳምንት አይለቅም። ቱቧ ግን በሃያ አንደኛው ቀን አለቀች። እኔም "አሁን ገና ሰንስክሪን ጀመርሽ" አልኳት።

የእናንተስ መቼ ነው የተገዛችው?