ሦስት ማዕዘኗን ከሰሌዳ ላይ እናጥፋት

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደግሞ ዘንድሮ ፍሬሽማን ገብታችሁ ኢንቦክሴን በስቶይኪዮሜትሪ ጥያቄ ያጥለቀለቃችሁት የድሮ ተማሪዎቼ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው። የኬሚስትሪ መምህራን ጓደኞቼም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ ነገሩ እኛንም ይመለከታልና።

አቋሜን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው። ከግራም ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ቅንጣት ቁጥር መቀየርን በዚያች በሦስት ማዕዘን ማስተማር መቅረት አለበት ባይ ነኝ። ታውቋታላችሁ፤ ላይዋ ላይ m፣ ታች n እና M፤ የፈለግከውን በጣት ትሸፍናለህ፣ የቀረውን ታባዛለህ ወይም ታካፍላለህ። ቀጥላ ሁለተኛዋ ትመጣለች፤ በN፣ በn እና በአቮጋድሮ ቁጥር የተሠራችው። ለነገ ፈተና ትሠራለች። ችግሩ ግን ትንሿ m እና ትልቋ M፣ ትንሿ n እና ትልቋ N በጠመኔ ሲጻፉ አንድ ይመስላሉ። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሦስት ማዕዘኗ ዋናውን ጥያቄ አትጠይቅም፦ «የምን ግራም? የምን ሞል? የምን ቅንጣት?»

መጀመሪያ ሞል ለምን እንዳስፈለገ እንስማማ። ከሸዋ ሮቢት የሚወጣ ማሾና ከደጋው የሚወርድ ባቄላ ገበያ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው አይታችኋል። ማንም ፍሬ አይቆጥርም፤ ሁሉም ይመዝናል። አሁን አንድ የባቄላ ፍሬ የአንድ ማሾ ፍሬ አሥር እጥፍ ይመዝናል ብለን እንነሳ። አንድ ኪሎ ባቄላና አንድ ኪሎ ማሾ በሚዛን እኩል ናቸው፤ በፍሬ ብዛት ግን ማሾው በአሥር እጥፍ ይበልጣል። አንድ ማሾ ለአንድ ባቄላ አጣምር ብባል፣ ለአንድ ኪሎ ባቄላ የሚያስፈልገኝ ማሾ አንድ ኪሎ ሳይሆን 100 ግራም ብቻ ነው።

ኬሚካሎችም እንዲሁ ናቸው። የሚገናኙት በፍሬ ነው፤ እኛ ግን ያለን ሚዛን ብቻ ነው። ሞል ማለት በሚዛንና በፍሬ መካከል የቆመ መቁጠሪያ ነው፤ ደርዘን 12 እንደሆነ ሁሉ አንድ ሞል 6.022×10²³ ፍሬ ነው። ከግንቦት 2011 ዓ.ም ጀምሮ ትርጉሙ ራሱ በቁጥር ተወስኗል፦ ልክ 6.02214076×10²³። በድሮ መጻሕፍት የምታገኙት «በ12 ግራም ካርበን-12 ውስጥ ያለው የአቶም ብዛት» የሚለው የቀድሞው ትርጉም ነው፤ ለክፍል ሥራ መልሳችሁን አይቀይረውም።

አሁን ወደ እውነተኛ ጉዳይ እንሂድ። ጨው!

በእንቅርት ምክንያት በ2003 ዓ.ም ለሰው ምግብነት የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጥቷል። አገራችን ውስጥ የምንበላው ጨው በብዛት የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው። አዮዲኑ ግን ንጹሕ አዮዲን ሆኖ አይጨመርም። የሚጨመረው ፖታሺየም አዮዴት የሚባል ነጭ ጨው ነው፤ ፎርሙላው KIO₃።

ጥያቄው ይኸውና። የዓለም ጤና ድርጅት ሲመክርበት የቆየው መጠን በአንድ ኪሎ ጨው ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም አዮዲን ነው። እኛ 40ውን እንውሰድ። አንድ ኩንታል ጨው፣ ማለትም 100 ኪሎ፣ 40 ሚሊግራም በኪሎ አዮዲን እንዲኖረው ስንት ግራም KIO₃ ይጨመርበታል?

ቸኳይ ተማሪ እንዲህ ይላል፦ 40 ሚሊግራም ሲባዛ በ100፣ 4,000 ሚሊግራም፤ ይኼ 4 ግራም ነው፤ ስለዚህ 4 ግራም KIO₃ እጨምራለሁ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። 4 ግራም የተባለው አዮዲን ነው፤ እጁ ላይ ያለው ደግሞ አዮዴት ነው። ማሾ ሲጠየቅ የባቄላ ኪሎ መለሰ ማለት ነው።

በሞል ድልድይ ሲኬድ ግን እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የነገሩን ስም ጻፉ፤ ስሙ ሳይጻፍ ወደሚቀጥለው መስመር አትለፉ።

አንደኛ፣ ከግራም ወደ ሞል። የአዮዲን አቶም ሞላር ማስ 126.9 ግራም በሞል ነው።
4.00 ግራም አዮዲን ÷ 126.9 = 0.0315 ሞል አዮዲን።

ሁለተኛ፣ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ነገር። በአንድ KIO₃ ውስጥ ስንት አዮዲን አለ? አንድ። ስለዚህ 0.0315 ሞል አዮዲን ለማግኘት 0.0315 ሞል KIO₃ ያስፈልጋል። ከአዮዲን ወደ አዮዴት የምንሻገርበት ቦታ ይኸው ብቻ ነው፤ በግራም መሻገር የለም።

ሦስተኛ፣ ከሞል ወደ ግራም መመለስ። የKIO₃ ሞላር ማስ፦ 39.1 ሲደመር 126.9 ሲደመር 3 ጊዜ 16.0፣ ድምሩ 214.0።
0.0315 ሞል KIO₃ × 214.0 = 6.74 ግራም KIO₃።

ስለዚህ መልሱ 4 ሳይሆን ወደ 6.7 ግራም ነው። ያ ቸኳይ ልጅ 4 ግራም KIO₃ ቢጨምር ምን ይፈጠር ነበር? ወደ ኋላ እንሥራው። 4 ግራም KIO₃ በ214.0 ሲካፈል 0.0187 ሞል፤ በ126.9 ሲባዛ 2.37 ግራም አዮዲን። ለመቶ ኪሎ ሲከፋፈል በኪሎ ወደ 24 ሚሊግራም። ከታሰበው አርባ በመቶ ገደማ ጎደለ ማለት ነው። ጨው ደግሞ መንገድ ላይና መደብር ውስጥ እርጥበት ካገኘው፣ ክፍት ሆኖ ከከረመም አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። እኛ ያሰላነው የተቀላቀለበትን ሰዓት ብቻ ነው። ገና ሲነሳ የጎደለው ወጥ ቤት ሲደርስ ምን ያህል እንደሚተርፍ እናንተው ገምቱት። ለዚህም ነው «40 ሚሊግራም በኪሎ» የሚል ወረቀት ስታዩ «እንደ አዮዲን ነው ወይስ እንደ አዮዴት?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 214.0 ሲካፈል በ126.9፣ ወደ 1.69 እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ቅንጣት። አንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። ይኼ በዓይን የማይሞላ ነገር ስንት አቶም ነው?

150 ማይክሮግራም ማለት 1.50×10⁻⁴ ግራም ነው።
1.50×10⁻⁴ ግራም አዮዲን ÷ 126.9 = 1.18×10⁻⁶ ሞል አዮዲን።
1.18×10⁻⁶ × 6.022×10²³ = 7.1×10¹⁷ የአዮዲን አቶም።

እዚህ ጋ ብዙዎቻችሁ የምትወድቁባት ጉድጓድ አለች። አንዳንዱ አዮዲንን ሲያይ I₂ ትዝ ይለውና በ253.8 ያካፍላል። ያኔ የሚያገኘው ግማሽ ሞል ነው፤ ነገር ግን የI₂ ሞለኪውል ሞል እንጂ የአቶም አይደለም። በሁለት አባዝቶ ወደ አቶም ከመለሰው ያው ነው። ሳይመልሰው «አቶም» ብሎ ከጻፈ ግን በግማሽ ተሳሳተ። አዮዴት ውስጥ ደግሞ I₂ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። በተመሳሳይ «በ1 ሞል KIO₃ ውስጥ ስንት ቅንጣት አለ?» ሲባል መልሱ እንደ ስሙ ነው፤ የፎርሙላ ዩኒት ከሆነ አንድ ሞል፣ የአዮን ከሆነ ሁለት ሞል (K⁺ እና IO₃⁻)፣ የአቶም ከሆነ አምስት ሞል። ሦስት ማዕዘኗ ይኼን ልትነግራችሁ አትችልም። ሽፍን ክፍት ብቻ ነው የምታውቀው።

ሌላዋ ጉድጓድ ካልኩሌተሩ ነው። ከቅንጣት ወደ ሞል ስትመለሱ 1.9×10²² ÷ 6.022 ብላችሁ ቀጥላችሁ × 10 ^ 23 ከነካችሁ፣ ማሽኑ በ6.022 ካካፈለ በኋላ በ10²³ ያባዛላችኋል። የሚወጣው 3.2×10⁴⁴ ሞል ነው። ትክክለኛው 0.032 ነው። የአቮጋድሮን ቁጥር ሙሉውን በቅንፍ ክተቱት፣ ወይም የካልኩሌተሩን የኤክስፖነንት ቁልፍ ተጠቀሙ። ስህተቱን ያለ ማንም እርዳታ የምታውቁበት መንገድም አለ። በእጅ የሚያዝ ነገር ሞሉ ከአንድ ትንሽ በታች ወይም ጥቂት አሥሮች ነው የሚሆነው፤ የቅንጣት ቁጥሩ ደግሞ በዓይን የሚታይ ነገር ከሆነ ምንጊዜም ግዙፍ ነው። «0.4 አቶም» ወይም «10⁴⁴ ሞል» ካገኛችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ተመለሱ።

«መምህር፣ ጊዜ የለም፤ ምርጫ ፈተና ላይ በአንድ ደቂቃ መመለስ አለባቸው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው፣ ሦስት ማዕዘኗ ፈጣን ናት። ግን አንድ እርምጃ ብቻ ላለው ጥያቄ ነው የምትፈጥነው። ጥያቄው ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር የሚሻገር ሲሆን፣ ልክ እንደ ጨው ጥያቄያችን፣ ተማሪው የትኛዋን ሦስት ማዕዘን መጀመሪያ እንደሚያነሳ ሲያስብ ደቂቃው ያልቃል። ስም እየጻፈ የሚሠራ ልጅ ግን መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ግራም፣ ሞል፣ የሌላው ነገር ሞል፣ ከዚያ የተጠየቀው። ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን ብለን የምናጽፈው ልማድ ጥሩ ነው፤ እኔ የምለው ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የነገሩ ስም ይጨመርበት ብቻ ነው። በሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ነው የሚጨምረው።

እስቲ በኮሜንት ሥሩልኝ። አንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 50 ሚሊግራም KIO₃ አለ። (ሀ) ስንት ሚሊግራም አዮዲን ነው? (ለ) ከአዮዴቱ ብቻ ስንት የኦክስጅን አቶም አለ? ቁጥር ብቻ የጻፈ አይታረምለትም፤ የምን እንደሆነ ስሙን ይጻፍ። ነገ ማታ መልሱን እዚሁ ሥር አስቀምጣለሁ።