ስለ ፌሮ ብረት ክብደትና ስለ ደረሰኝ አጻጻፍ



በአዲስ ከተማ በመርካቶ የብረት ሱቆች ዘንድ ፌሮ የሚሸጠው በሁለት ልማድ ነው። አንዱ ነጋዴ በኪሎ ይሸጣል፤ ሌላው በቤርጋ ቈጥሮ ይሸጣል። ፌሮና ቤርጋ የሚባሉት ቃላት ራሳቸው ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ቤርጋ ስንልም 12 ሜትር ርዝመት ያለውን አንዱን ዘንግ ማለታችን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሁለቱም ልማዶች በየራሳቸው የሚነቀፉ አይደሉም። ጠብ የሚመጣው አንዱ ዕቃ በአንደኛው ልማድ ተገዝቶ በሁለተኛው የተሸጠ እንደሆነ ነው፤ እኔም በነጋዴ ጸሐፊነቴ ደረሰኝ ስጽፍ ስለ ኖርሁ ይህን ነገር ለጋዜጣችን አንባብያን ማስታወቅ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አንድ ቀን ከኛ ዘንድ 100 ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ የገዙ አንድ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ወደ ሱቃችን ተመልሰው መጡ። ለጌታዬም፣ «ጋሼ፣ ቍጥሩ ልክ ነው፤ አንድም አልጐደለም። ነገር ግን መሐንዲሱ 10 ቤርጋ አስመዝኖ 96 ኪሎ ብቻ ሆነ አለኝ» አሏቸው። ጌታዬ መጀመሪያ ሚዛኑን ተጠራጠሩ። በኋላ ግን ከመጋዘናችን ሌላ 10 ቤርጋ አውጥተን በራሳችን ሚዛን ብንመዝን ያው 96 ሆነ። እኛም ያንን ብረት ከሌላ አከፋፋይ በቤርጋ ቈጥረን የተረከብን ስለ ነበርን ጕድለቱ ከሁለታችንም ተሰውሮ ቈይቷል።

መሐንዲሱ የተጠቀመበት ስሌት ቀላል ነው። የብረቱን ውፍረት በሚሊሜትር ወስደን በራሱ እናባዛለን፤ የመጣውን ለ162 እናካፍላለን፤ ያም የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይሆናል፤ ከዚያም በርዝመቱ በሜትር እናባዛለን።

ውፍረት × ውፍረት ÷ 162 × ርዝመት = ክብደት

162 የምትለዋ ቍጥር በዘፈቀደ የተገኘች አይደለችም። የክብ ብረት ስፋት ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ ከዚያ በ0.7854 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ የብረትም ክብደት በአንድ ሜትር ኩብ 7,850 ኪሎ ተብሎ የተወሰነ ነው። እነዚህን አንድ ላይ ብናሰላ ማካፈያው 162.2 ይሆናል፤ የነጋዴ ሒሳብ ግን 162 ቢል የሚለወጠው ከሺሕ አንድ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ለባለ 12 ስናሰላ 12 በ12 ሲባዛ 144፣ ለ162 ሲካፈል 0.889 ኪሎ፣ በ12 ሜትር ሲባዛ 10.67 ኪሎ ይሆናል። 100 ቤርጋ 1,067 ኪሎ መመዘን ሲገባው የኛው 960 ኪሎ ብቻ መዘነ። ከአንድ ኩንታል በላይ ብረት በቍጥር ተሸጧል፤ ነገር ግን አልተገኘም።

ስሌቱ ወደ ኋላም ይሠራል፤ ለኔ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው። አንዱ ቤርጋ 9.6 ኪሎ ከመዘነ ለ12 ሜትር ሲካፈል 0.8 ይሆናል፤ በ162 ስናባዛው 129.6 እናገኛለን። በራሱ ተባዝቶ ወደዚህ ቍጥር የሚደርሰው 11.4 ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 12 ተብሎ የተሸጠው ብረት በእውነቱ ባለ 11.4 ነበረ። ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጠውን ይህን ልዩነት ዐይን አይለየውም፤ ዳሩ ግን ውፍረቱ በራሱ ስለሚባዛ የውፍረት 5 በመቶ ጕድለት በክብደትና በብረቱ ስፋት 10 በመቶ ይሆናል። መሐንዲሱም የተቈጣው ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ በምሰሶው ውስጥ 10 ዘንግ አስቦ የ9 ዘንግ ብረት በማግኘቱ ነው እንጂ።

የጐደለ ሁሉ ተንኰል ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ፋብሪካው ብረቱን የሚያሳልፍበት ጥቅልል ቦዩ ሲበላ ዘንጉ ይወፍራል፤ ቦዩ በአዲስ ተተክቶ ሲጠብቅ ደግሞ ይቀጥናል። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የአይ ኤስ ኦ 6935 ደረጃ በባለ 10ና በባለ 12 ላይ ከስሌቱ ክብደት 6 በመቶ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ይፈቅዳል። ለባለ 12 ይህ ማለት አንዱ ቤርጋ ከ10 ኪሎ ማነስ የለበትም ማለት ነው። ባለሱቁ ሊያስታውሰው የሚቀልለውም፣ 10 ቤርጋ ባለ 12 አንድ ኩንታል ካልሞላ ብረቱ ከደረጃው ውጭ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። አንድ አስመጪ 10 ቶን ባለ 12 በሚዛን ቢገዛ፣ ብረቱ ሙሉ ከሆነ 937 ቤርጋ ያህል ያገኛል። እንደ ኛው የቀጠነ ከሆነ ግን 1,041 ይደርሰዋል። በቶን ከፍሎ በቤርጋ የሚሸጥ ሰው ያለ ድካም ከ100 ቤርጋ በላይ ትርፍ አገኘ ማለት ነው፤ የመጨረሻውም ገዢ ይከፍለዋል። ብረቱ የወፈረ እንደሆነ ደግሞ ኪሳራው በተቃራኒው ነው፤ በኪሎ የሚገዛው ተቋራጭ ለሥራው የሚያስፈልገው የዘንግ ቍጥር ሳይሞላለት ይቀራል።

ስለዚህ የኔ አሳብ በእያንዳንዱ የፌሮ ደረሰኝ ላይ የዘንጉ ቍጥርና በሚዛን የተገኘው ክብደት ጐን ለጐን ይጻፉ የሚል ነው። ክብደቱ በሚዛን ሳይሆን በስሌት የተገኘ እንደሆነም «በስሌት» ተብሎ ይገለጽ።

ይህን አሳብ ለአንድ ጎረቤታችን ብነግራቸው፣ «እኔ ክብደት ብጽፍና ጎረቤቴ ባይጽፍ፣ ገዢው ቤርጋው ወደሚረክስበት ይሄዳል» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ርካሽነቱ ግን በቤርጋ ሲታይ ብቻ ነው። የቀጠነው ቤርጋ ከሙሉው 5 በመቶ ቢረክስ፣ ብረቱ 10 በመቶ ስለሚያንስ በኪሎ ሲታሰብ ከ5 በመቶ በላይ ይወደዳል። ይህን ለገዢው በወረቀት ላይ ማሳየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

12 ሜትር የሚመዝን ሚዛን የለኝም የሚል ባለሱቅም ቢኖር ከቍራጭ ላይ ልክ አንድ ሜትር ቈርጦ በትንሹ ሚዛን ይመዝን፤ ባለ 12 ከሆነ 888 ግራም ሊሆን ይገባል፣ ከ835 ካነሰም ከተፈቀደው ወርዷል። በካሊፐር መለካት ግን አይበጅም፤ ፌሮ ጥርስ ስላለው መለኪያው በጥርሱ ላይ ሲያርፍ ያወፍረዋል፣ በጥርሶቹ መካከል ሲገባ ያቀጥነዋል። ርዝመቱም ይታይ፤ በመኪና ለመጫን ከወገቡ የታጠፈ ዘንግ 11.70 ሜትር ሆኖ ቢገኝ በዐይን አይታወቅም፣ ክብደቱ ግን 2.5 በመቶ ቀንሷል። በጥቅል የሚመጣው ቀጭን ብረት ደግሞ በቤርጋ ስለማይቈጠር ስሌቱ ርዝመቱን ለማወቅ ያገለግላል፤ ባለ 8 በሜትር 0.395 ኪሎ ስለሆነ 50 ኪሎው ወደ 126 ሜትር ይሆናል።

ሚዛኑ የሚነግረን የብረቱን መጠን እንጂ ጥንካሬውን አለመሆኑን ግን ገዢው አይርሳ፤ እሱ በፋብሪካው የምስክር ወረቀትና በመጐተቻ ፈተና የሚታወቅ ነው።

ጌታዬ ለተቋራጩ የጐደለውን 107 ኪሎ በሙሉ ቤርጋ ቈጥረው ሰጧቸው፤ 10 ዘንግ ሆነ። ከአከፋፋዩ ጋር ግን ደረሰኙ «100 ቤርጋ» ብቻ ስለሚል የምናሳየው ማስረጃ አጣን።