ማተሚያ ቤቱን ከመክሰስ በፊት

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች በር ላይ በየዓመቱ የሚደገም ጠብ አለ። ዲዛይነሩ ትኩስ የታተመ ካሌንደር በእጁ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ይመጣል። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ይከፍትና ካሌንደሩን ከጎኑ ያቆማል።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩት! እኔ የላክሁልዎ ይሄንን ነው። እርስዎ ያተሙልኝ ደግሞ ይሄንን።»

«ልጄ፣ ማሽኑ የሰጠኸውን ነው ያወጣው።»

ከዚያ በኋላ የሚባለው ሁሉ የታወቀ ነው። ቀለሙ ርካሽ ነው፣ ማሽኑ አርጅቷል፣ ልጁ ዲዛይን አይችልም። መጨረሻ ላይ አንዱ ይከስራል። እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ደንበኛው እየደወለ ነው፣ 1000 ካሌንደር ደግሞ እንደገና በነፃ አይታተምም። ብዙውን ጊዜ የሚከስረው ባለማተሚያው ነው፤ ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ይውጠዋል። የሚገርመው ግን በዚህ ክርክር ውስጥ እንደ ምስክር የሚቀርበው ላፕቶፕ ራሱ አንድም ቀን ተመርምሮ አያውቅም። ፍርድ ቤት ሄዶ ሚዛኑን ያላስመረመረ ነጋዴ ቢከስ ዳኛው ምን እንደሚለው ማንም ያውቃል። እዚህ ግን ያልተመዘነ ስክሪን እንደ ቃለ መሐላ ይታመናል።

የአንዱን ካሌንደር ጉዳይ እንውሰድ። የአንድ ድርጅት የግድግዳ ካሌንደር ነው፤ ሠራተኞቹ በየወሩ ገጽ ላይ አሉ፣ ሽፋኑ ላይ የድርጅቱ ሰማያዊ አርማ አለ። ታትሞ ሲመጣ ሁለት ችግር ነበረበት። የጠይሞቹ ሠራተኞች ፊት ጠቁሮ ዓይንና አፍንጫቸው በግድ የሚለይ ሆነ። ሰማያዊው አርማ ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ አለ። ዲዛይነሩ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠራቸው፦ «ቀለም አበላሹብኝ።» ሁለቱ ግን ዘመድ እንኳ አይደሉም። የመጀመሪያው የስክሪኑ ጥፋት ነው። ሁለተኛው የስክሪኑም የማሽኑም ጥፋት አይደለም።

ከፊቱ እንጀምር። አብዛኛው ሞኒተር ከካርቶኑ ሲወጣ ብራይትነሱ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ተደርጎ የተሞላ ነው። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ ያረፈበትን የክፍል ብርሃን ነው የሚመልሰው። ዲዛይነሩ ከመጠን በላይ የሚያበራ ስክሪን ላይ ሆኖ የአንዲትን ጠይም ሠራተኛ ፊት ሲያይ በቂ ብርሃን ያለው ይመስለዋል፣ ስለዚህ አያነሳውም። እንዲያውም «ትንሽ ፈካ ብሏል» ብሎ ያጠቁረዋል። የስክሪኑ ስህተት ወደ ፋይሉ የሚገባው ተገልብጦ ነው ማለት ነው። ስክሪኑ ሲፈካ ህትመቱ ይጠቁራል፣ ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ዲዛይነሩ ቢጫ እየጨመረ ነጩን የሐበሻ ቀሚስ ቢጫ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይሰፋል፤ ነጥቦቹ ይወፍሩና በጥቁሩ አካባቢ ያሉት ይገናኛሉ። ቀድሞውንም ወደ ታች የተገፋ ጠይም ፊት እዚያ ነው ዝርዝሩን የሚያጣው። ቀይ ፊት ያላቸው ከዚያው ካሌንደር በሰላም የወጡት ለዚህ ነው።

«ዓይኔ ለምዶታል» የሚለው መልስ ከሁሉም የባሰ ነው። ችግሩ ራሱ መልመዱ ነው። የሰው ዓይን ሰማያዊ ያዘለውንም ቢጫ ያዘለውንም ነጭ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ «ነጭ» ብሎ ይቀበላል። ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ማታ በቢጫ አምፖል ስር የተሠራ አንድ ፎቶ በሁለት ዓይን ነው የተሠራው።

የስክሪኑን ብርሃን ለመለካት ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። ካሌንደሩን ፎቶ ያነሳው ሰው ካሜራ ይበቃል። ካሜራው ማኑዋል ላይ ይደረግ፣ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር 5.6። ስክሪኑ ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ይከፈትና ሌንሱ ነጩን ብቻ እንዲያይ ተጠግቶ ሜትሩ ዜሮ ላይ እስኪቆም የሹተር ፍጥነቱ ይስተካከል። ማንሳት እንኳ አያስፈልግም፣ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ሹተሩ 1/25 ላይ ከቆመ የስክሪኑ ነጭ በካሬ ሜትር ወደ 100 ካንዴላ ነው፤ ለህትመት ሥራ የሚፈለገው እዚያ አካባቢ ነው። 1/80 ላይ ከቆመ ከ300 አልፏል። ከዚያ በዚያው ካሜራ፣ ህትመቱ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ነጭ ወረቀት ይለካ። የካሌንደሩ ዲዛይነር ስክሪን 1/80 ሲሰጥ፣ ባንኮኒው ላይ ያለው ወረቀት 1/25 ሰጠ። ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ጋሼ የትኛውን ቀለም ገዝተው ነው ይህን የሚሞሉት?

የዚህ መፍትሔ ግማሹ የሞኒተሩ ቁልፍ ላይ ነው። ብራይትነሱ ሹተሩ 1/25 አካባቢ እስኪደርስ ይቀነስ፤ የመጀመሪያ ቀን ስክሪኑ የሞተ ይመስላል፣ በሦስተኛው ቀን ማንም አያስታውሰውም። ናይት ላይት ይጥፋ፣ ብርሃኑን በራሱ የሚጨምር የሚቀንስ ነገር ሁሉ ይጥፋ። የቀለም ሙቀቱ 6500 ላይ ይደረግ። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን ይቁም፤ ርካሽ ፓነል በትንሹ ሲያዘነብል ጥቁሩ ይፈካል።

ሌላውን ግማሽ ግን ዓይንም ካሜራም አይሠሩትም። ለዚያ ከለሪሜትር የሚባል፣ የኮምፒውተር ማውዝ የሚያህል መለኪያ አለ። ስክሪኑ ለግማሽ ሰዓት ይሞቃል፣ መሣሪያው በነጩ ላይ ይንጠለጠላል፣ ፕሮግራሙ ቀለሞችን ተራ በተራ ያሳየውና የተላከውን ቁጥር ከታየው ቀለም ጋር ያነጻጽራል። ግቡ ብዙውን ጊዜ ነጭ 6500፣ ጋማ 2.2፣ ብርሃን 100 ነው። ሲጨርስ የዚያን ስክሪን ጠባይ የሚገልጽ ፕሮፋይል ይጽፋል፣ ፎቶሾፕም ቀለሙን በዚያ አስተካክሎ ያሳያል። DisplayCAL የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ የሚገዛው መሣሪያው ብቻ ነው። እሱንም አምስት ዲዛይነሮች ተዋጥተው ገዝተው በየወሩ ቢቀባበሉት የአንድ ካሌንደር ኪሳራ አያህልም። እርግጥ ነው፣ መለኪያው የሌለውን ቀለም አይፈጥርም። ደካማ የላፕቶፕ ፓነል ከተለካ በኋላም ደካማ ነው፤ ቢያንስ ግን መዋሸቱን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሰማያዊው አርማ። ዲዛይነሩ በአርጂቢ 0፣ 0፣ 255 የሆነውን የሚያበራ ሰማያዊ መርጦ ነበር። ያ ቀለም ብርሃን ነው። በሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ የሚሠራ አይደለም፤ የትኛውም ማተሚያ ቤት ቢሄድ አያገኘውም። ፎቶሾፕ በራሱ መንገድ ሲቀይረው ሳያን 88፣ ማጀንታ 77 አካባቢ ይሰጠዋል፣ ይህን ያህል ማጀንታ ከሳያን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ወይን ጠጅ ነው የሚወልደው። ማጀንታው ከሳያኑ ቢያንስ በ30 ዝቅ ማለት ነበረበት፤ 100 እና 60 ቢሆን ደንበኛው ሰማያዊ ይለው ነበር። ስክሪን ካሊብሬት ማድረግ ይህን አያድነውም። ቀድሞ ማሳየት ግን ይችላል፦ `View > Proof Setup > Custom` ውስጥ የማተሚያ ቤቱን ፕሮፋይል መርጦ `Proof Colors` ሲበራ ያ ሰማያዊ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይደበዝዛል። ዲዛይነሩ ያኔ ይደነግጥ ነበር፣ በ1000 ካሌንደር ፊት ሳይሆን ብቻውን። ያልተመዘነ ስክሪን ላይ ግን ይህ ማሳያ ራሱ ሌላ ውሸት ነው፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም።

የማተሚያ ቤቱ ጥፋት የሚጀምረውም እዚህ ነው፣ ጋሼም ነፃ አይወጡም። «የትኛውን ፕሮፋይል ልጠቀም?» ሲባሉ «እንደፈለግህ ላከው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እንደፈለገ ሲልክ ብዙ ጊዜ የሚልከው ፎቶሾፕ ሲጫን ይዞት የመጣውን `U.S. Web Coated (SWOP) v2` ነው። እሱ የአሜሪካን በጥቅል ወረቀት የሚያትሙ የመጽሔት ማሽኖች መለኪያ ነው፤ ልደታ ወይም ፒያሳ አካባቢ በነጠላ ወረቀት ከሚሠራ ማሽን ጋር አያገናኘውም። የራሱን ማሽን ያላስለካ ማተሚያ ቤት ቢያንስ «በ`FOGRA39` ላክልን፣ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ከእሱ ጋር እንቀራረባለን» ማለት ይችላል። ይህንንም የማይል ካለ የሚሸጠው ዕድል ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ከባድ አይደለም። አንድ ዲዛይነር ሦስት የተለያዩ ማተሚያ ቤቶች ሄዶ ሦስቱም «አጠቆሩብኝ» ካለ ስክሪኑን ይመርምር፤ ሦስቱ ተማክረው አይደለም። አንድ ፋይል ግን በአንዱ ማተሚያ ቤት ሰኞ ሌላ፣ ሐሙስ ሌላ ሆኖ ከወጣ፣ ወይም የመጀመሪያው ሉህና አምስት መቶኛው ከተለያዩ፣ ያ የማሽኑና የኦፕሬተሩ ነው፤ ምንም ካሊብሬሽን አያነሳውም።

ከሁሉም የሚረሳው ተከሳሽ ደንበኛው ነው። የካሌንደሩን ቀለም ሥራ አስኪያጁ ያጸደቁት መኪና ውስጥ ሆነው፣ በቴሌግራም በተላከ ፎቶ፣ ስልካቸው ላይ ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያደርሰው፤ ስልኩ ደግሞ ብራይትነሱን እንደ ፀሐዩ ይቀያይራል፣ ቀለሙንም እንዲያምር ያደምቃል። «በጣም ቆንጆ ነው፣ ይታተም» ያሉት የትኛውን ካሌንደር እንደሆነ ማንም አያውቅም። ጽሑፍና አቀማመጥ በስልክ ይጽደቅ። ቀለም ግን በስልክ አይጸድቅም። ከ1000ው በፊት አንድ ናሙና ሉህ በዚያው ወረቀት ይታተም፣ በቀን ብርሃን ወይም በደንብ በበራ ነጭ መብራት ስር ይታይ፣ ሦስቱም ይፈርሙበት። ኦፕሬተሩም ሲያትም ያንን ሉህ ነው ከፊቱ የሚያስቀምጠው፣ የማንንም ላፕቶፕ አይደለም።

ካሌንደሩ በመጨረሻ እንደገና ታተመ። ዲዛይነሩ ስክሪኑን ቀንሶ ፊቶቹን ከፍ አደረገ፣ የአርማውን ማጀንታ ወደ 60 አወረደ። ማሽኑም፣ ቀለሙም፣ ኦፕሬተሩም የበፊቶቹ ነበሩ። ፊቶቹ ወጡ፣ አርማውም ሰማያዊ ሆነ፤ እንደ ስክሪኑ የሚያበራ ሳይሆን እንደ ወረቀት ሰማያዊ። የወረቀቱን ዋጋ የከፈሉት ግን አሁንም ጋሼ ናቸው።