ሠርግን ከቀኑ ወደ ኋላ ስለ መቍጠር

በጌዴኦ አገር በቡና ገንዘብ ልጁን ለመዳር ያሰበ ሰው፣ ቀኖቹን ከሠርጉ ወደ ኋላ ይቍጠር እንላለን። ሠርጉ እሑድ ጥር 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሁን። ጠጁ ሦስት ሳምንት እንዲቆይ ጥር 2 ቀን ይጣላል። ለማሩና ለልብስ ሰፊው የሚከፈለው እንዲገኝ ቡናው እስከ ታኅሣሥ 23 መሸጥ አለበት። ቀዩ እሸት ቡና በማድረቂያው አልጋ ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያልና፣ ከኅዳር 30 በኋላ የተለቀመው ለዚህ ሠርግ አይደርስም። ሰማዩ ከደመነ ደግሞ ይዘገያል፤ ፍሬው ሲነቀነቅ ካልተንኮሻኮሸ ገና አልደረቀም። እንዲህ የዘገየበት አባት ቡናውን ገና በዛፉ ሳለ በርካሽ ከመሸጥ፣ ወይም በወለድ ከመበደር፣ ቀኑን ቢያሸጋግር ይሻለዋል። ነገር ግን ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ስለሚገባ፣ ከዚያ አስቀድሞ ካልተፈጸመ ሚያዝያ 24 የሚውለውን ትንሣኤን ይጠብቅ።