«ብሩ ይመለሳል» ማለት መቼ ነው?

«ብሩ ይመለሳል፣ ትንሽ ታገሺ፡፡» በካርድ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ይህቺን መልስ ያውቃታል፡፡ እኛ ደግሞ ይህቺ መልስ ትቅር ባዮች ነን፡፡ «መመለስ» በሚለው አንድ ቃል ስር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደብቀዋላ! ሪቨርሳል፣ ሪፈንድና ቻርጅባክ፡፡ የትኛው እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ስንት ቀን እንደሚጠብቅ አያውቅም፤ ብሶ ደግሞ አንዱን ሲጠብቅ የሌላው ቀነ ገደብ ያልፍበታል፡፡

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች እንበል፡፡ ለእህቷ ሰርግ ከአንድ የኢንተርኔት ሱቅ የ200 ዶላር የሀበሻ ቀሚስ በክሬዲት ካርድ አዘዘች፡፡ ስትከፍል ባንኳ ለሱቁ «እሺ» ይለዋል፤ 200 ዶላሩንም ይይዝለታል፡፡ ስልኳ ላይ Pending የሚል ጽሑፍ ይመጣል፡፡ ልብ በሉ፤ እስካሁን አንድ ሳንቲም እንኳ አልተንቀሳቀሰም፡፡ ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው ሱቁ ሂሳቡን ሲያወራርድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ማታ የቀኑን ሽያጭ ሲዘጋ ወይም ዕቃውን ሲልክ፡፡

ልጅቷ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐሳቧን ቀየረች እንበል፡፡ ሱቁ ገና ሂሳቡን አላወራረደምና «ተሰርዟል» የሚል መልእክት ለባንኳ ይልካል፡፡ ሪቨርሳል ማለት ይሄ ነው፡፡ የሄደ ገንዘብ ስለሌለ የሚመለስም የለም፤ የተያዘው ይለቀቃል፣ አለቀ፡፡ መልእክቱ ከተላከ በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነገሩ ያበቃል፡፡ ሱቁ ትእዛዙን ሰርዞ መልእክቱን መላክ ከረሳ ግን ባንኩ የያዘው ጊዜው እስኪያልፍ አይለቅም፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት አካባቢ ነው፤ ለሆቴልና ለመኪና ኪራይ ደግሞ እስከ አንድ ወር ሊሄድ ይችላል፡፡ ሪቨርሳል ሲሆን መዝገቡ ላይ «ገቢ» የሚል መስመር አይመጣም፤ የመጀመሪያው መስመር ራሱ ብን ብሎ ይጠፋል፡፡ «ብሬ አልገባም» ብለን ባንክ የምንጨቃጨቀው ብዙ ጊዜ ይህን ባለማወቅ ነው፡፡

አሁን ደግሞ ቀሚሱ መጣ፣ ጠበባትና መለሰችው እንበል፡፡ ገንዘቡ ሱቁ ዘንድ ደርሷል፡፡ ስለዚህ ሱቁ አዲስ ክፍያ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ መላክ አለበት፡፡ ይሄ ሪፈንድ ነው፡፡ ከሱቁ ወደ ሱቁ ባንክ፣ ከዚያ ወደ ካርድ ድርጅቱ፣ ከዚያ ወደ እሷ ባንክ ይጓዛል፤ ሱቁ ከላከው ጀምሮ ከአምስት እስከ አስር የሥራ ቀን የተለመደ ነው፡፡ «ልከናል» ካሏት 23 አሃዝ ያለውን የመከታተያ ቁጥር፣ ኤ.አር.ኤን የሚባለውን፣ ትጠይቅ፡፡ ባንኳ በዚያ ቁጥር ይፈልገዋል፡፡ ቁጥሩን መስጠት ያልቻለ ሱቅ ምናልባት ገና አልላከም፡፡

ሦስተኛው፣ ቀሚሱ ጭራሽ አልመጣም፤ ሱቁም ስልክ አያነሳም፡፡ እዚህ ላይ ልጅቷ የምትሄደው ወደ ባንኳ ነው፡፡ ባንኩ ገንዘቡን ከሱቁ ባንክ በክርክር ይጠይቃል፤ ቻርጅባክ ይሉታል፡፡ ሱቁ «ልኬያለሁ» ብሎ ማስረጃ የማቅረብ መብት አለው፡፡ ጊዜውን የሚበላው ይሄ ነው፡፡ በአሜሪካ በ1974 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሂሳብ ሕግ ለባንኩ ሁለት የሂሳብ ዙር፣ ቢበዛ 90 ቀን ይሰጠዋል፡፡ እስከዚያ ባንኩ 200 ዶላሩን በጊዜያዊነት ሊያስገባላት ይችላል፤ ከተረታች ግን መልሶ ይወስደዋል፡፡ ገባ ብላ ብታጠፋው ዕዳ ነው፡፡

እንግዲህ የጊዜው ልዩነት ምስጢር ይኸው፡፡ ሪቨርሳል የማንንም ገንዘብ አይነካም፤ ሪፈንድ የሱቁን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ቻርጅባክ ደግሞ ሱቁ ባይፈቅድም የሚሄድ ሙግት ነው፤ ሙግት ደግሞ ዳኛ ይፈልጋል፡፡

የእኛ ቅሬታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፡፡ ያው ሕግ ልጅቷ ቅሬታዋን በጽሑፍ እንድታቀርብ የሚሰጣት፣ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከላት ጀምሮ 60 ቀን ብቻ ነው፡፡ «ሪፈንዱ መንገድ ላይ ነው፣ ታገሺ» እያለ ሁለት ወር ያቆያት ሱቅ፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ ይህን መብት ከእጇ አውጥቶታል፡፡ የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ብዙውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ቢፈቅድም ያም ያልቃል፡፡

ስለዚህ ወገን፣ «ይመለሳል» ሲሏችሁ «በየትኛው?» በሉ፡፡ ሪፈንድ ነው ካሉ ቁጥሩን ተቀበሉ፡፡ አስር የሥራ ቀን አልፎ ቁጥርም ብርም ከሌለ ለባንካችሁ ጻፉ፡፡ ሪፈንዱ በመሐል ከገባ ደግሞ ክርክሩን አንሱ፤ ከአንድ ቀሚስ ሁለቴ መቀበል የሰው ገንዘብ መብላት ነው፡፡