ቋንቋ ቫሪያንት አይደለም

አንድ የፊግማ ዲዛይን ሲስተም እንድንገመግም ሲሰጠን አብዛኞቻችን ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ስሞቹ ላይ ነው። አንዱ ቁልፍ `Btn`፣ ሌላው `button`፣ ሦስተኛው ደግሞ `Button Final 2` ተብሎ ይገኛል። ያናድዳል። ስም ማስተካከል ደግሞ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ግማሽ ቀን ቁጭ ብለው ከለቀሙት ማታ ላይ ፋይሉ ታጥቦ የወጣ ይመስላል። እኛ ግን ስሙን ለጊዜው ተዉት እንላለን። መጀመሪያ ቫሪያንቶቹን ቁጠሩ።

እንዲህ ያሰኘን በቅርቡ እጃችን የገባ አንድ ፋይል ነው። ባለቤቶቹን አንጠራም፤ ልጆቹ ሠርተው አዳሪ ናቸው። መተግበሪያው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለሰው ሰው የሚኒባስ ወንበር ለማስያዝና ለመክፈል የታሰበ ነው። በሦስት ቋንቋ ይሠራል፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ችግሩ ያለው «ይክፈሉ» የምትለዋ አንዲት ቁልፍ ውስጥ ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ ቫሪያንት ማለት አንድ ኮምፖነንት የሚለብሳቸው የተለያዩ መልኮች ናቸው። ያቺ ቁልፍ 3 ዓይነት አላት፤ ዋና፣ ሁለተኛና ጽሑፍ ብቻ። መጠኗ 2 ነው። ሁኔታዋ 4 ነው፤ በሰላሙ ጊዜ፣ ስትጫን፣ ስትዘጋና ጥያቄው ተልኮ መልስ ስትጠብቅ። ምስል ያላትና የሌላት ተብላ ደግሞ በ2 ትከፈላለች። እነዚህን ስናባዛ 48 መልክ ይወጣል። እዚህ ላይ ልጆቹ `Language` የሚል አምስተኛ ፕሮፐርቲ ጨመሩና 48ቱን በ3 አባዙት። 144 ሆነ።

144 ቁልፍ በእጁ የሚሥል ሰው የለም። እነሱም አልሣሉም። ፋይሉ ውስጥ ቆጥረን ያገኘነው 101 ነበር። የአማርኛው 48ቱም ተሟልቷል። የእንግሊዝኛው 38 ነው። የአፋን ኦሮሞው 15 ብቻ! ከጎደሉት 33 ውስጥ መልስ በመጠበቅ ላይ ያለችው ቁልፍ፣ ማለትም `State=Loading`፣ አንዷም የለችም።

ታዲያ ይህ እንዴት ሳይታይ ቀረ? ፊግማ ስለማይጮህ ነው። ሁለት ቫሪያንቶች አንድ ዓይነት ዋጋ ከያዙ ያስጠነቅቃል። የጎደለ ጥምረት ሲኖር ግን ምንም አይልም። ዲዛይነሩ ቋንቋውን አፋን ኦሮሞ፣ ሁኔታውን `Loading` ብሎ ሲመርጥ ያ ጥምረት ከሌለ በጣም የሚቀርበውን ሌላ መልክ ያቀርብለታል። ስክሪኑ ላይ ቁልፍ አለች፤ ታምራለች፤ ግን የጠየቃት አይደለችም።

ከዚያ ፋይሉ ወደ ፕሮግራመሩ ይሄዳል። ፕሮግራመሩ ያየውን ይሠራል። በአማርኛው ገጽ ላይ የምትሽከረከረዋን ምልክት አይቷል፣ ሠርቷታል። በአፋን ኦሮሞው ገጽ አላየም፣ አልሠራም። እንግዲህ ሰበታ ላይ ኔትወርክ በሚያንቀላፋበት ሰዓት ስልኩን በአፋን ኦሮሞ የከፈተች ተሳፋሪ `Kaffalaa` የሚለውን ትጫናለች። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሰው ምን ያደርጋል? ደግሞ ይጫናል። (ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥባት ሰርቨሩም መከልከል አለበት፤ ያ ግን ሌላ ቡድን የሚጠየቅበት ነው። እኛ የምንጠየቀው ልትጫን የማይገባትን ቁልፍ ክፍት አድርገን ስለማስቀመጣችን ነው።)

እዚህ ላይ ነው አቋማችን። ቋንቋን ቫሪያንት ማድረግ ማለት አንዱን ቋንቋ ለጉድለት ማጨት ማለት ነው። ሰው ሲደክመው የሚተወው መጨረሻ የሚሠራውን ነው፤ መጨረሻ የሚሠራው ደግሞ ዲዛይነሩ ራሱ የማይጠቀምበት ቋንቋ ነው። ማንም ክፉ ሳይሆን አድልዎው በማባዛት ይፈጠራል።

ልጆቹን ግን መውቀስ አይገባም። ፊግማ ቫሪያንትን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ጽሑፉን ብቻ ከውጭ ለመቀየር የሚያስችለው ፕሮፐርቲ የመጣው በ2022፣ ቫሪያብል ደግሞ በ2023 ነው። መጀመሪያ በተለመደው መንገድ የተጀመረ ፋይል በዚያው ልማድ ያድጋል።

መፍትሔው አጭር ነው። `Language` የሚለው ፕሮፐርቲ ይወጣል። የቁልፏ ጽሑፍ የጽሑፍ ፕሮፐርቲ ይሆናል። ምስሉም በቫሪያንት ሳይሆን በአዎ ወይም አይ ፕሮፐርቲ ይበራል ይጠፋል። የቀረው 3 ጊዜ 2 ጊዜ 4 ነው፤ 24። እያንዳንዱ መልክ ለሦስቱም ቋንቋ ስለሚያገለግል የሚጎድል ቢኖር ለሁሉም ይጎድላል፤ አማርኛውን የሚያየው ዲዛይነርም ያን ቀን ያየዋል። ቃላቱ ራሳቸው በቫሪያብል ተይዘው ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ሞድ ይኖራቸዋል፤ የገጹን ሞድ ሲቀይሩ ጽሑፉ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። ከአንድ በላይ ሞድ የሚከፈልበት ፕላን ስለሚጠይቅ አቅም ከሌለ ገጹን ገልብጦ ቃሉን በእጅ መጻፍ ይቻላል። አሰልቺ ነው፣ ግን ቁልፏን አያበዛም።

«የአፋን ኦሮሞው ቃል ስለሚረዝም እኮ ነው የለየነው» የሚል መልስ ሰምተናል። እውነት ነው፣ ይረዝማል። `ቡራዩ` 3 ፊደል ናት፤ `Burraayyuu` 10 ነው። ግን ርዝመት የቁልፏ ስፋት ጉዳይ ነው። በአውቶ ሌይአውት ስፋቷን `Hug` አድርጎ ዝቅተኛ ወርድ ቢሰጧት ከቃሉ ጋር ትዘረጋለች። ስፋቷን በቁጥር ቸንክሮ ሲጠብ ሌላ ቫሪያንት መፍጠር ጫማ ሲጠብ ሌላ እግር እንደመፈለግ ነው።

ወደ ክፍተቱ እንለፍ። በዚያው ቁልፍ ውስጥ ከጽሑፉ በላይና በታች ያለው ክፍተት አንዴ 13፣ አንዴ 14፣ አንዴ 15 ነው። ሲስተሙ ደግሞ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 24 የሚል መሰላል አለኝ ይላል። የመጀመሪያ ሐሳባችን «ዝርክርክነት ነው» የሚል ነበር። ስንደምረው ግን ሥርዓት አለው። የጽሑፉ የመስመር ቁመት `Auto` ተብሏል፤ `Auto` ማለት ደግሞ ፎንቱ የፈለገውን ይወስናል ማለት ነው። በዚህ ፋይል የላቲኑ ፎንት 19 ሲሰጥ የግዕዙ ፊደል ፎንት 22 ይሰጣል። ሁሉም ቁልፍ 48 እንዲሆን ተፈልጓል። ስለዚህ ላቲኑ ላይ 14 እና 15 ተጨመረ፤ ፊደሉ ላይ 13 እና 13። ሁለቱም ልክ 48 ይመጣሉ።

ስለዚህ 13ን አይቶ «ወደ 12 አስተካክሉ» የሚል ገምጋሚ ቁልፏን 46 ያደርጋታል፣ አጠገቧ ካለችው እንግሊዝኛ ቁልፍ ጋርም ያጣላታል። መነካት ያለበት የመስመር ቁመቱ ነው። ለሁለቱም ፎንት 24 ተብሎ ቢወሰን 12 እና 24 እና 12 ተደምረው 48 ይሆናሉ፤ ክፍተቱም ያለ ግዳጅ መሰላሉ ላይ ያርፋል። ፊደላችን ከትንንሾቹ የላቲን ፊደላት አጠገብ ገዘፍ ብሎ ስለሚታይ ዓይን «ክፍተት ጨምር» ይላል። ቢጨምሩም ለሦስቱም ቋንቋ እኩል ይጨምሩ፤ ከ12 ወደ 16።

ከዚያ በኋላ ነው ቶክን የሚመጣው። ቶክን ማለት ቁጥሩን በስም መያዝ ነው። በዚህ ፋይል `space-sm` 8 ነው፤ በሌላ ክምችት ውስጥ ያለው `Spacing/Small` ደግሞ 12። ሁለቱም «ትንሽ» ናቸው። አንዱን መምረጥና ሌላውን ማስወገድ ግድ ነው። በቶክን የታሰረውንና በእጅ የተጻፈውን ለመለየት በቀኝ በኩል ያለውን የክፍተት ሣጥን ማየት ይበቃል፤ የታሰረው ከቫሪያብል ጋር መያያዙ ይታያል፣ በእጅ የገባው ባዶ ቁጥር ነው።

አሁን ስም። እዚህ ፋይል ላይ ሳንስቅ ማለፍ አልቻልንም። የጉዞ ካርዱ ሦስት ነው፦ `Card-Sebeta`፣ `card burayu`፣ `SulultaCard2`። ሦስቱም መነሻ፣ መድረሻ፣ ሰዓትና ዋጋ ያሳያሉ። ማን የትኛውን ከተማ ገጽ እንደሠራ ይነግሩናል እንጂ ካርዱ ምን እንደሚሠራ አይነግሩንም። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ልጆቹም መተግበሪያው ውስጥ «ሸገር» የሚል ገጽ ጨምረዋል። ገጹ ላይ የተቀመጠው ካርድ `Card-Sebeta` ነው፤ የሚያሳየው ግን ከሱሉልታ የሚነሳ ጉዞ። `Card/Trip` ቢባል ኖሮ አስተዳደሩ አሥር ጊዜ ቢዋቀር ካርዱን አይነካውም።

የኮምፖነንት ስም መቀየር የተሠሩ ገጾችን አያበላሽም፤ ፊግማ ቅጂውን ከእናቱ ጋር የሚያስተሳስረው በስም አይደለምና። በሌላ በኩል ቶክን ወደ ኮድ የሚወጣው ስሙን ይዞ ስለሆነ እሱን ስትቀይሩ ለፕሮግራመሩ ቀድማችሁ ንገሩት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ውስጥ ያሉትን የሌየር ስሞች ነው። በአንዱ ቫሪያንት ጽሑፉ `Label`፣ በሌላው `Text 4` ከተባለ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይሩ የጻፋችሁት «ይክፈሉ» ጠፍቶ `Button` ተመልሶ ይመጣል። ፊግማ የተቀየረውን ጽሑፍ ይዞ የሚሻገረው የሌየሩ ስም ሲገጥም ነውና። ዲዛይነሮች ተሰላችተው ቁልፏን ከእናቷ የሚነጥሏትም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ማንኛውም ማሻሻያ አይደርሳትም።

አሮጌዎቹን ሦስት ካርዶች ወዲያው አታጥፏቸው። ስማቸው ፊት `_` አድርጉ፤ በሚቀጥለው ኅትመት ከላይብረሪው ይወጣሉ፣ በየገጹ ያሉት ቅጂዎች ግን ባሉበት ይቆያሉ። ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ `Card/Trip` አዛውሩ። ከዚያ አንዲት ቁልፍ ላይ `Kaffalaa` ብላችሁ ጻፉና 24ቱንም መልክ አፈራርቁባት። ቃሉ የትም ሳይጠፋ፣ ቁመቷም በአንዱ መጠን ሁልጊዜ 48 ሆኖ ከዘለቀች ወደሚቀጥለው ኮምፖነንት እለፉ፤ በዚያ ፋይል ቀጥሎ የሚጠብቃችሁ የስልክ ቁጥር ማስገቢያው ነው፣ እሱም `Language` አለው።