መጠየቅ ወይስ መጠራት፦ ስለ ውሃ ቆጣሪ ፕሮግራም የተደረገ ሙግት

ስለ ኢንተራፕት የሚሟገተው

የውሃ ፍሰት የሚለካው ሴንሰር በቧንቧ ውስጥ የምትሽከረከር ትንሽ መዘውር ያለው ሲሆን፣ መዘውሯ በዞረች ቁጥር አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ዋይኤፍ-ኤስ201 በሚባለው ርካሽ ዓይነት ከአንድ ሊትር ውሃ 450 ያህል ምት ይገኛል። በደቂቃ 20 ሊትር ሲፈስ በሰከንድ 150 ምት ይመጣል፣ ይህም በየ6.7 ሚሊሰከንዱ አንድ ማለት ነው። በአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር፣ ኤቲሜጋ328ፒ፣ የመግቢያ እግሩን ደጋግሞ እያየ ምት መምጣቱን የሚያጣራ ከሆነ፣ ባለሙያዎች ፖሊንግ በሚሉት ዘዴ ይሠራል፤ ሌላ ሥራ እስካልያዘ ድረስም ምንም አያመልጠውም።

ሌላ ሥራ መያዙ ግን አይቀርም። ንባቡን በ9600 ባውድ ወደ ኮምፒውተር ሲልክ ለእያንዳንዱ ፊደል 1.04 ሚሊሰከንድ ያስፈልገዋልና፣ 40 ፊደል ያለው መስመር ወጥቶ እስኪያልቅ ቆሞ ከጠበቀ 42 ሚሊሰከንድ ገደማ ያልፋል፣ በዚያም ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ምት ሳይታይ ይሄዳል። በየሰከንዱ አንድ መስመር የሚልክ ቆጣሪ በዚህ መንገድ ወደ 4 በመቶ ይጎድልበታል። ስህተቱ የሚታወቀውም በአቅጣጫው ነው፤ ተለክቶ የተሞላ ባልዲ ሲፈስበት ሁልጊዜ አሳንሶ ያነባል፣ መልእክቱ በረዘመ ቁጥርም ጉድለቱ ይሰፋል።

በኢንተራፕት ጊዜ ግን ለውጡን የሚያየው ሃርድዌሩ ራሱ ነው። ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትእዛዝ ጨርሶ፣ የቆመበትን አድራሻ ስታክ በሚባለው የማስታወሻ ክፍል አስቀምጦ ወደ ተዘጋጀው አጭር ተግባር ይዘላል፣ ቆጥሮም ወደ ነበረበት ይመለሳል። መልስ ለመስጠት በትንሹ 4 የሰዓት ትርታ ይበቃዋል፣ በ16 ሜጋኸርዝ ይህ ሩብ ማይክሮሰከንድ ነው። ታይመሩም እንዲሁ ነው፤ 16 ሚሊዮኑ ትርታ ለ256 ሲካፈል 62,500 ይሆናልና፣ ከ0 እስከ 62,499 የሚቆጥር ታይመር ልክ በየሰከንዱ ፕሮግራሙን ይጠራዋል፤ ማንም ሰዓት ሲመለከት መዋል አያስፈልገውም።

ስለ ፖሊንግ የሚሟገተው

የሰውን ውሃ ቆጥሮ የሚያስከፍል ፕሮግራም፣ ከጻፈው ሰው ሌላ የሆነ ሰው ጣቱን በመስመር ላይ እያስኬደ ሊከተለው የሚችል መሆን አለበት። ይህ የሐቀኝነት ጉዳይ ነው። ኢንተራፕት በየትኛውም ሁለት ትእዛዝ መካከል ሊገባ ስለሚችል፣ አንባቢው በየመስመሩ “እዚህ ላይ ቢቋረጥስ?” ብሎ እንዲጠይቅ ይገደዳል።

ኤቲሜጋ328ፒ ባለ 8 ቢት ስለሆነ 16 ቢት ያለውን ቁጥር በሁለት ክፍል ያነባል። ቁጥሩ 255 ሳለ ፕሮግራሙ ዝቅተኛውን ባይት 255 ብሎ ያነሣል፤ በዚያች ቅጽበት ምት ይመጣና ቁጥሩን 256 ያደርገዋል፤ ፕሮግራሙም ተመልሶ ከፍተኛውን ባይት 1 ብሎ ያነባል። ውጤቱ 511 ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚከሰት፣ በሙከራ የማይታይና ከፋዩ ሊያስረዳው የማይችለው ሐሰት ማለት ይህ ነው።

ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ቢያንስ ስድስት ሕመምተኞችን ከመጠን ባለፈ ጨረር ጎድቷል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች አንድን መረጃ ያለ ጥበቃ መጋራታቸው ነበር። ስለ ማይክሮሰከንድ የሚመካ ሁሉ ይህን ማሰብ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልስ

ቴራክ-25ን ከውሃ ቆጣሪ ጋር ማነጻጸር አንባቢን ማስፈራራት ነው። መሣሪያው በማይክሮኮንትሮለር ሳይሆን በፒዲፒ-11 ኮምፒውተር የሚመራ ነበር፤ በ1987 የደረሰው አደጋም የመጣው አንድ ባይት ያለው ቁጥር በ256ኛው ዙር ተመልሶ ዜሮ በመሆኑና ፍተሻው በመዘለሉ ነው፤ ፕሮግራሙ በፖሊንግ ቢጻፍም ያው ይደርስ ነበር። የ511 ሐሰት ደግሞ በሦስት መስመር ይዘጋል፤ ንባቡ እስኪያልቅ ኢንተራፕት ይታገዳል፣ በመካከል የመጣው ምትም ምልክቱ ተይዞ ይቆየዋል።

```
cli();
uint16_t n = pulses;
sei();
```

የሁለተኛው መልስ

ሦስቱ መስመሮች የሚያድኑት ጸሐፊው ባስታወሳቸው ቦታ ብቻ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው አዲስ ንባብ ሲጨምር የሚያስታውሰው የለም። ደግሞም ለዚህ ሥራ መቋረጥ ከቶ አያስፈልግም። የሴንሰሩ ሽቦ በአርዱዊኖው 5ኛ እግር ላይ ቢገባ፣ ታይመር 1 የሰዓቱን ትርታ ትቶ የውጭውን ምት ራሱ ሊቆጥር ይችላል፤ ፕሮግራሙ መልእክቱን በእርጋታ ልኮ ሲጨርስ `TCNT1` የሚባለውን መዝገብ ያነባል። ይህ መዝገብ ከፍተኛውን ባይት በአንድ ጊዜ ይዞ ስለሚያቆይም 511 አይወለድም። ቁጥሩ ሞልቶ ወደ ዜሮ የሚመለሰው ከ145 ሊትር በኋላ፣ በተጠቀሰው ፍሰት ከሰባት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ሁለተኛ ቧንቧ ሲጨመር በቺፑ ላይ እንዲህ የሚቆጥር ሌላ እግር አንድ ብቻ ይቀራል፣ እርሱም አርዱዊኖ ጊዜውን የሚለካበትን ታይመር 0ን ይወስዳል፤ ስለ ሁለት ቧንቧ የሚደረገው ክርክር ከዚያ ይጀምር።